የተፋሰስ ካርታና የአየር ንብረት መረጃን ለሚያቀርቡ ተማሪዎች የሚሆኑ ጥያቄዎች፦ የአባይ ተፋሰስ እንደ ማሳያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጂኦግራፊ ተማሪዎች ስለ ወንዝ ተፋሰስ ወይም ስለ ዝናብ መረጃ ገለጻ ሲያቀርቡ፣ ከገለጻው በኋላ የሚነሱት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ትውስታን የሚፈትኑ ናቸው። «የአባይ ገባሮች እነማን ናቸው?» ወይም «ከፍተኛ ዝናብ የሚመዘገበው በየትኛው ወር ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ካርታውን ሳያዩ ሊመለሱ ይችላሉ። አቅራቢው ካርታውንና ግራፉን በትክክል ማንበብ መቻሉን የሚያሳየው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ምስሉ ላይ የሚታየውን፣ ከምስሉ የሚሰላውንና ምስሉ ፈጽሞ የማይናገረውን ለይቶ እንዲያሳይ ያስገድደዋል።

ይህ ጽሑፍ አምስት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ከነመልሶቻቸውና ከተለመዱ ስህተቶቻቸው ጋር ይዟል። ማሳያ የተደረገው የአባይ ተፋሰስ ሲሆን፣ ትኩረቱም ወንዙ አገሪቱን ለቅቆ በሚወጣበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ላይ ነው። ለንጽጽር ከአዋሽ ተፋሰስ ደብረ ዘይት ተወስዷል።

ጥያቄ አንድ፦ አሶሳና ደብረ ዘይት በየትኛው ተፋሰስ ይገኛሉ? ይህስ ስለ ውሃቸው ምን ይነግረናል?

የመጀመሪያው መሰናክል የቦታ ስም ነው። በዝናብ ሠንጠረዥ ላይ «ደብረ ዘይት» ተብሎ የተመዘገበው ጣቢያ፣ በአሁኑ ካርታ ላይ «ቢሾፍቱ» ተብሎ በተጻፈው ከተማ የሚገኝ ነው። ሁለቱን እንደ ተለያዩ ጣቢያዎች ቆጥሮ አንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ ያስገባ አቅራቢ፣ የሚያወጣው አማካይ ከመነሻው የተዛባ ይሆናል። ስለዚህ ጠያቂው በቅድሚያ «ይህ ጣቢያ በካርታው ላይ የት ነው?» ብሎ ሊጀምር ይገባል። አስተማማኙ መልስ በስም ሳይሆን በኬክሮስና በኬንትሮስ የተደገፈ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የተፋሰሱ ቀለም ነው። በኢትዮጵያ የተፋሰሶች ካርታ ላይ አገሪቱ በአሥራ ሁለት ተፋሰሶች ተከፍላ ትታያለች። አሶሳ በአባይ፣ ቢሾፍቱ በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ይገኛሉ። የአባይ ውሃ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሱዳን ሲዘልቅ፣ አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ይህን ከካርታው ማንበብ ቀላል ነው።

የሚፈትነው ክፍል ከዚህ በኋላ ይመጣል። «በቢሾፍቱ ከተማ የሚገኙት የሆራ፣ የባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቆች ውሃ ወደ አዋሽ ወንዝ ይፈስሳል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ካርታውን በቀለሙ ብቻ ያነበበ ተማሪ «አዎ» ይላል። ሐይቆቹ በአዋሽ ተፋሰስ ወሰን ውስጥ ቢሆኑም በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው፤ በምድር ገጽ የሚወጣ ወንዝም የላቸውም። የተፋሰስ ካርታ የሚያሳየው ከፍታን ተከትሎ የተሰመረውን የውሃ ክፍፍል መስመር እንጂ እያንዳንዱ ጠብታ ወንዙ ጋር መድረሱን አይደለም። ተማሪው ይህን ለማረጋገጥ የከፍታ መስመሮች ያሉትን ካርታ ማየት ይኖርበታል። በሐይቆቹ ዙሪያ የከፍታ መስመሮቹ ክብ ሆነው ሲዘጉና በመካከላቸው የሚወጣ የወንዝ መስመር ሲጠፋ፣ መልሱ ከካርታው ላይ ይነበባል።

ጥያቄ ሁለት፦ በድንበር ላይ የሚለካው ፍሰት የየትኛው ስፋት ውሃ ነው?

የአባይ ተፋሰስ በኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ስፋት ብዙ ጊዜ ወደ 200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተብሎ ይገለጻል። በሱዳን ድንበር አጠገብ ኤል ዲየም በተባለው የፍሰት መለኪያ ጣቢያ ለረጅም ዓመታት በተመዘገበው መረጃ መሠረት፣ የወንዙ ዓመታዊ አማካይ ፍሰት ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ገጽ ያቀረበ ተማሪ ቀጥሎ የሚጠበቅበት ጥያቄ ይህ ነው፦ «ይህ ውሃ በተፋሰሱ ላይ እኩል ቢነጠፍ ምን ያህል ጥልቀት ይኖረዋል? ከዘነበው ዝናብስ ስንት እጁ ነው?»

አብዛኞቹ አቅራቢዎች 50 ቢሊዮንን ለ200 ቢሊዮን ካሬ ሜትር አካፍለው 250 ሚሊ ሜትር ያገኛሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የካርታው ንባብ ግን ስህተት አለበት። በተፋሰሱ ሰሜናዊ ምዕራብ ያሉት የዲንደርና የራሃድ ወንዞች ከአባይ ጋር የሚገናኙት በኢትዮጵያ ውስጥ ሳይሆን በሱዳን፣ ከመለኪያ ጣቢያው ብዙ ርቀው ነው። በካርታው ላይ የአባይ ተፋሰስን ቀለም የያዙ ቢሆኑም ውሃቸው በኤል ዲየም አያልፍም። ከጣቢያው በላይ ያለው ስፋት ወደ 176,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ሲካፈል ጥልቀቱ 284 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

የዚህ ጥያቄ ጥቅም በ34 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ላይ አይደለም። ተማሪው ጣቱን በመለኪያ ጣቢያው ላይ አድርጎ፣ ወንዙን ወደ ላይ እየተከተለ፣ ወደዚያ ነጥብ የሚደርሰውን መሬት ብቻ መለየት መቻሉን ያሳያል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ከግራ የሚገባው ዳቡስና ከቀኝ የሚገባው በለስ ከጣቢያው በላይ ስለሚገናኙ ይቆጠራሉ። ዲንደርና ራሃድ ግን አይቆጠሩም። ለእያንዳንዱ ገባር «ከጣቢያው በላይ ነው ወይስ በታች?» ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ የሚችል ተማሪ ካርታውን አንብቦታል።

ከዚያም የዝናቡ ንጽጽር ይከተላል። የተፋሰሱ አማካይ ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ 284 ሚሊ ሜትር ማለት ከዘነበው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ በድንበር በኩል አልፏል ማለት ነው። «ቀሪው የት ሄደ?» ሲባል የሚሰማው የተለመደ መልስ «መሬት ውስጥ ሰረገ» የሚል ነው። ይህ መልስ ያልተሟላ ነው። መሬት ውስጥ ከሰረገው ውሃ ብዙው በበጋ ወራት በምንጭነት ተመልሶ ወንዙን ስለሚመግብ ቀድሞውኑ በ284ቱ ውስጥ ተቆጥሯል። ከቀሪው አብዛኛው ከአፈር፣ ከእርጥብ መሬትና ከዕፅዋት ቅጠል ተንኖ ወደ አየር የተመለሰ ነው።

ጥያቄ ሦስት፦ ዓመቱ የሚጀምረው መቼ ነው?

አንድ አቅራቢ የአባይን ዓመታዊ ፍሰት በዓምድ ግራፍ ሲያሳይ፣ ጠያቂው ስለ ዓምዶቹ ቁመት ከመጠየቁ በፊት «እያንዳንዱ ዓምድ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ያለውን ውሃ ይደምራል?» ሊል ይገባል። ይህ ጥያቄ በሌሎች አገሮች ከሚኖረው ይልቅ በኢትዮጵያ የበለጠ ክብደት አለው።

የአባይ ፍሰት ከፍተኛ የሚሆነው በነሐሴ ሲሆን፣ በመስከረምም ወንዙ ሙሉ ነው። የኢትዮጵያ ዓመት ደግሞ የሚለወጠው በመስከረም 1 ቀን ነው። ወርኃዊ መረጃው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ከተደመረ የአንድ ክረምት ውሃ በሁለት ዓመት ይከፈላል፤ የነሐሴው ሙላት በአንዱ ዓመት መጨረሻ፣ የመስከረሙ ቀሪ ሙላት በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ይመዘገባል። በዚህም ምክንያት መጥፎ ክረምት የነበረበት ዓመት ከበፊቱ ክረምት የተረፈውን ውሃ ይዞ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ይህ በታወቀው ድርቅ ላይ በግልጽ ይታያል። በሰፊው የሚታወሰው «የ77ቱ ድርቅ» ተብሎ ነው። ዝናቡ የከሸፈው ግን በ1976 ዓ.ም. ክረምት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ነው፤ ረሃቡ የከፋው ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ስለሆነ ስሙ 77 ሆኖ ቀረ። በግራፉ ላይ ዝቅተኛውን ዓምድ ፈልጎ «ይህ 1977 ነው» የሚል ተማሪ ትዝታን እንጂ ግራፉን አላነበበም። በአንጻሩ 1984 የሚለውን በ1977 የተካ ተማሪ፣ ከመስከረም በፊት ያሉት ወራት ሲቀየሩ ልዩነቱ ሰባት ሳይሆን ስምንት ዓመት መሆኑን ዘንግቷል።

መፍትሔው የውሃ ዓመት የሚባለውን መጠቀም ነው። ድምሩ የሚጀምረው ወንዙ ዝቅተኛ ከሆነበት፣ ከክረምቱ መግቢያ በፊት ካለው ጊዜ ነው፤ ለአባይ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መውሰድ ተስማሚ ነው። እንዲህ ሲሆን አንድ ክረምትና ከእርሱ የተረፈው የበጋ ፍሰት በአንድ ዓምድ ውስጥ ይገባሉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አጭር ጥያቄ አለ። 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በዓመቱ ሰከንዶች ሲካፈል በሰከንድ ወደ 1,585 ሜትር ኩብ ይሆናል። «በመጋቢት ወር በድንበር ላይ የቆመ ሰው ይህን ያህል ውሃ ያያል ወይ?» ቢባል መልሱ «አያይም» ነው። የተፈጥሮ ፍሰቱ አብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሚያልፍ ስለሆነ፣ አማካዩ በክረምት ከሚታየው እጅግ ያነሰ፣ በበጋ ከሚታየው ደግሞ እጅግ የበለጠ ነው።

ጥያቄ አራት፦ የአዝማሚያው መስመር የሚጀምረው ከየት ነው?

አዝማሚያን የሚያሳይ ቀጥተኛ መስመር ለተመልካች እርግጠኛ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ጠያቂው ሁልጊዜ «መነሻ ዓመቱ በአሥር ዓመት ቢገፋ መስመሩ ወዴት ያዘነብላል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ለልምምድ ብቻ የተዘጋጁ የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። የአንድ ወንዝ የአምስት ተከታታይ አሥርተ ዓመታት አማካይ ፍሰት 55፣ 48፣ 42፣ 48 እና 52 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። የመጀመሪያውን ከመጨረሻው ጋር ያነጻጸረ ተማሪ ፍሰቱ በ3 ቢሊዮን ቀነሰ ይላል። ከሦስተኛው አሥርተ ዓመት የጀመረ ደግሞ በ10 ቢሊዮን ጨመረ ይላል። ሁለቱም በሒሳብ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ የወጣን ነገር በአንድ ቀጥተኛ መስመር ለመግለጽ በመሞከራቸው ነው።

ይህ የልምምድ ቅርጽ ከእውነታው የራቀ አይደለም። የአባይ ፍሰት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ እየቀነሰ ሄዶ፣ ከዚያ በኋላ አገግሟል። ስለዚህ ከ1984 የሚጀምር ማንኛውም ግራፍ ወደ ላይ ማዘንበሉ አያስገርምም፤ የተነሣው ከታችኛው ጫፍ ነውና። ጥሩ መልስ የሚሰጥ ተማሪ ግራፉን ከሁለትና ከሦስት መነሻ ዓመታት አስምሮ፣ አቅጣጫው ሳይለወጥ ከጸና ብቻ «አዝማሚያ አለ» ይላል። ከተለወጠ ደግሞ «በዚህ ርዝመት ያለ መረጃ አዝማሚያ ለመናገር አያስችልም» ብሎ መመለስ ትክክለኛ መልስ ነው፤ እንደ ድክመት ሊቆጠርበት አይገባም።

እዚህ ላይ ሙቀትና ዝናብ መለየት አለባቸው። ከዓመት ወደ ዓመት የሚታየው የሙቀት መለዋወጥ ጠባብ ስለሆነ የሙቀት አዝማሚያ በአንጻራዊነት በአጭር መረጃ ይለያል። የዝናብ የዓመት ለዓመት ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ተማሪው ከአሶሳ የአሥራ አምስት ዓመት ዝናብ ይዞ «ዝናብ እየቀነሰ ነው» ካለ፣ «ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ እጅግ ደረቅ ወይም እጅግ እርጥብ ዓመታት ቢወጡ መደምደሚያህ ይቆማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ጥያቄ አምስት፦ የበለስ ወንዝ ፍሰት ለምን ጨመረ?

ይህ ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ ነው፤ ካርታንና አዝማሚያን አንድ ላይ ይፈትናልና። አቅራቢው ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እስከ ቅርብ ዓመታት ያለውን የበለስን ፍሰት ቢያሳይ፣ በመካከሉ ግልጽ ጭማሪ ይታያል። መስመር ቢሰመርበትም ወደ ላይ ይወጣል። «ምክንያቱ የዝናብ መጨመር ነው» የሚለው መልስ ፈጥኖ ይመጣል።

ጠያቂው በሦስት ደረጃ ሊመራው ይችላል። መጀመሪያ ቅርጹን እንዲያይ ያደርገዋል፦ «ጭማሪው ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ?» የአየር ንብረት ለውጥ ብዙውን ጊዜ በዓመታት ውጣ ውረድ መካከል ቀስ ብሎ ይገለጣል። በበለስ ላይ የሚታየው ግን እንደ ደረጃ በአንድ ጊዜ የሚነሣ ነው፤ ደረጃው የሚጀምረውም በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

ሁለተኛ ወራቱን እንዲለይ ይጠይቀዋል፦ «ጭማሪው ጎልቶ የሚታየው በክረምት ነው ወይስ በበጋ?» ዝናብ ቢጨምር ኖሮ ጭማሪው በዋናነት በክረምት ይታይ ነበር። እዚህ ግን ወንዙ ቀድሞ እጅግ ያንስ በነበረበት በበጋ ወራት ልዩነቱ ይጎላል።

ሦስተኛ ጎረቤት ወንዝን እንዲያነጻጽር ያደርገዋል። ዳቡስና ዲዴሳ በዚሁ ተፋሰስ ያሉ ናቸው። ለውጡ ከዝናብ የመጣ ቢሆን በእነርሱም ላይ ተመሳሳይ ደረጃ ይታይ ነበር። ለማነጻጸር ቀላል የሆነ ዘዴ አለ፦ የበለስን ፍሰት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እየደመሩ በአንዱ ዘንግ፣ የጎረቤቱን ወንዝ ድምር በሌላው ዘንግ ማስቀመጥ። ሁለቱ ወንዞች በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲሄዱ ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ይሰለፋሉ፤ በአንዱ ላይ ብቻ አንድ ነገር ሲደርስ መስመሩ በዚያ ዓመት ይታጠፋል።

ምክንያቱ በካርታው ላይ ይገኛል። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከጣና ሐይቅ በዋሻ ውሃ ወስዶ ወደ በለስ ይለቅቃል። በዕቅዱ አማካይ መጠኑ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ሲሆን፣ በዓመት ወደ 2.4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህ ውሃ ቀድሞ በባሕር ዳር በኩል በአባይ ዋና መስመር ይወጣ የነበረ ነው።

ከዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ይወለዳል፦ «እንግዲህ በድንበር ላይ ያለው ፍሰት በ2.4 ቢሊዮን ጨምሯል ማለት ነው?» አልጨመረም። ጣናም ሆነ በለስ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ናቸው፤ በለስም ከአባይ ጋር የሚገናኘው ከድንበሩ በላይ ነው። ውሃው መንገዱን ለወጠ እንጂ አልበዛም። በባሕር ዳር የሚለካው ሲቀንስ በበለስ የሚለካው ይጨምራል፤ ከመገናኛቸው በታች ያለው ጣቢያ ልዩነቱን እምብዛም አያየውም። ሁለቱን ጣቢያዎች ለየብቻ ያነበበ ተማሪ አንዱ ተፋሰስ እየደረቀ፣ ሌላው እየረጠበ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ካርታውን ይዞ ያነበበ ግን አንድ ዋሻ ያያል።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለሌሎች ጣቢያዎችም ያስፈልጋል። በጣና መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ የሐይቁን ውሃ አወጣጥ ይቆጣጠራል። በጉባ ወረዳ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ውሃ መያዝ ጀምሯል። ከእነዚህ ጊዜያት በኋላ ከግድቦቹ በታች የተለካው ፍሰት የዝናብ ብቻ ሳይሆን የአለቃቀቅም ውጤት ስለሆነ፣ ከቀድሞው ጋር በአንድ መስመር አይቀጠልም።

መልሶች የሚመዘኑበት መንገድ

ለእያንዳንዱ ጥያቄ መምህሩ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ቢመዝን ይመረጣል። አንደኛው ተማሪው በምስሉ ላይ ያየውን በቦታና በቁጥር መግለጹ ነው፤ «ደረጃው የሚጀምረው እዚህ ዓመት ላይ ነው» እንደሚለው። ሁለተኛው ከዚያ ወደ ምክንያቱ የሄደበትን መንገድ፣ ያነጻጸረውን ሌላ ጣቢያ ወይም ካርታ ማሳየቱ ነው። ሦስተኛው በእጁ ያለው መረጃ የማያረጋግጠውን ለይቶ መናገሩ ነው። በበለስ ጥያቄ «ዝናብ ጨምሯል» ብሎ የመለሰ ተማሪ፣ በሁለተኛው ደረጃ ራሱ የበጋውን ጭማሪ አይቶ መልሱን ካረመ፣ ስለ ዋሻው አስቀድሞ ሰምቶ ትክክለኛውን መልስ ከሸመደደው የተሻለ ነጥብ ይገባዋል።